የክሊኒክ ዓመታዊ በጀት ምንድን ነው? (ዓመቱ አትራፊ ሆኖ ነሐሴ ላይ ደሞዝ የሚጠፋው ለምንድን ነው?)

ኮምቦልቻ ላይ አንዲት ጤና መኮንን የሆነች ዘመዴ ትንሽ ክሊኒክ ልትከፍት ስትነሳ ደብተር ይዛ መጣችና በጀቴን እይልኝ አለችኝ። እኔ ሒሳብ ነው ስራዬ፣ የክሊኒክም የሱቅም መዝገብ እይዛለሁ። ደብተሩን ገለጥኩት፣ በአንድ ገጽ ላይ የዓመት ገቢ፣ የዓመት ወጪ፣ ከታች ትርፍ ተብሎ ሁለቴ ተሰምሮበታል። ቁጥሮቹ ብዙም ስህተት አልነበራቸውም፣ ግን ይሄ በጀት አይደለም አልኳት፣ ተናደደችብኝ።

በጀት ማለት በሚቀጥለው ዓመት ስንት ይገባል ስንት ይወጣል ብቻ ሳይሆን መቼ ይገባል መቼ ይወጣል የሚለውንም የያዘ እቅድ ነው። ለክሊኒክ ደግሞ ይሄ "መቼ" የሚባለው ነገር ከሌላ ስራ ይብሳል፣ ምክንያቱም ደሞዝና ኪራይ ቀናቸውን ጠብቀው ሲመጡ ታካሚ ግን የሚመጣው ሲታመም ነው።

በሷ ቁጥር እንሂድ። ብሮቹ ለምሳሌ ናቸው፣ የናንተ ሌላ ይሆናል፣ አካሄዱን ብቻ ያዙት።

መጀመሪያ ደሞዝ፣ ትልቁ ወጪ እሱ ስለሆነ። አንድ ጤና መኮንን (ራሷ ናት)፣ ሁለት ነርስ፣ አንድ ላብራቶሪ ቴክኒሻን፣ ካርድ ክፍልና ገንዘብ ተቀባይ አንድ፣ ጽዳት፣ ጥበቃ፣ ሁሉም ተደምሮ በወር 60,000 ብር። የራሷን ደሞዝ መጀመሪያ አልጻፈችውም ነበር፣ "እኔማ የራሴ ነው" ብላ። አይሆንም! ነገ ወልዳ ወይ ታማ ብትቀር በሷ ቦታ ሰው መቅጠር አለባት፣ ያኔ ትርፍ ያለችው ነገር ደሞዟ እንደነበር ይገባታል። በዚህ ላይ አሠሪው የሚከፍለው ጡረታ 11 በመቶ አለ፣ 6,600 ብር። ሠራተኛው የሚከፍለው 7 በመቶና የደሞዝ ግብሩ ግን ከዚያው ከ60,000ው ላይ ተቆርጠው ስለሚሄዱ አዲስ ወጪ አይደሉም፣ እሷ እነሱንም ደምራ ስለነበር ሰረዝናቸው። ሌላ የሚረሳው የዓመት ፈቃድ ነው፣ በሕጉ አንድ ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን አለው፣ የላብራቶሪው ልጅ ፈቃድ ሲወጣ ላብራቶሪ አይዘጋም፣ ተተኪ ይከፈለዋል። ለሱ ለዓመቱ 30,000 ያዝን። ድምሩ ወደ 829,000 ብር መጣ።

መድኃኒት ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ያለፈውን ዓመት ወጪ ወስዶ ትንሽ ጨምሮ በመጻፍ ነው። የሷ ዓይነት ክሊኒክ ፋርማሲ የለውም፣ የሚይዘው የድንገተኛ መድኃኒት፣ መርፌ፣ ግሉኮስ፣ ስሪንጅ፣ ጓንት፣ የላብራቶሪ ሪኤጀንትና የምርመራ ኪት ነው፣ ሌላውን በማዘዣ ወደ ውጭ ነው የምትልከው። ስለዚህ የበጀቱ ስሌት ከታካሚ ቁጥር መነሳት አለበት። ጓንትን እንይ፣ ቀላል ስለሆነ። በቀን በአማካይ 28 ታካሚ ጠብቃለች፣ ለመርፌ፣ ለላብራቶሪና ለቁስል ወደ 25 ጥንድ ጓንት ይሄዳል እንበል። በወር 26 የሥራ ቀን ሲሆን 650 ጥንድ ነው፣ አንድ ካርቶን 100 ፍሬ ማለትም 50 ጥንድ ስለሚይዝ በወር 13 ካርቶን። ካርቶኑ 600 ብር ከሆነ 7,800 ብር። እንዲህ እያሉ እቃ በእቃ ነው የሚኬደው፣ አሰልቺ ነው እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ሙሉ ከሰዓት ቡና እየጠጣን ፈጀብን። በመጨረሻ በወር በአማካይ 35,000 መጣ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ጊዜው አልፎ ለሚጣለው 5 በመቶ ጨመርን። ሪኤጀንት አንዴ ከተከፈተ ዕድሜው ያጥራል፣ በቀን ሦስት ሰው ብቻ የምታሠሪው ምርመራ ከሆነ ጠርሙሱ ሳያልቅ ነው የሚበላሸው፣ ያ ኪሳራ በጀት ላይ ስም ከሌለው ዓመቱን ሙሉ "መድኃኒት ለምን በዛ?" እያሉ መጨቃጨቅ ነው።

እቃ በእቃ መሥራት ጥቅሙ በኋላ ነው የሚታየው። ክሊኒኩ ከተከፈተ በኋላ ጥቅምት ላይ ጓንት 10,500 ብር ወጣበት፣ ከ7,800 በላይ 2,700 ማለት ነው። እሷ ወዲያው ሰው ሰረቀኝ ብላ ልትነሳ ነበር። ደረሰኙን ስናይ 15 ካርቶን በ700 ብር ነው የተገዛው። ስለዚህ 1,300ው የዋጋ ጭማሪ ነው (13 ካርቶን ላይ መቶ መቶ ብር)፣ የቀረው 1,400 ሁለቱ ትርፍ ካርቶኖች ናቸው። የዋጋውን ነገር ማንም አያቆመውም፣ ብር ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ከውጭ የሚገባ እቃ ሁሉ ያው እንደምታዩት ነው። ሁለቱን ካርቶን ግን ከታካሚ መዝገቡ ጋር አስተያየናቸው፣ የወባ ሰሞን ስለነበር ታካሚው በዝቶ ነው፣ የእቃ ገቢና ወጪ በሚጻፍበት ቢን ካርድ ላይም ወጪ ሆነው ተመዝግበዋል። የታካሚ ቁጥር ሳይጨምር ጓንት ቢጨምር ኖሮ ያኔ መጠየቅ ተገቢ ነበር።

መብራት፣ ውሃ፣ ስልክና የጄነሬተር ነዳጅ በወር 6,500 ያዝን። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፣ አንድ ነገር ብቻ፣ የዛሬን የመብራት ቢል በ12 አታባዙ። ታሪፉ ከ2017 ጀምሮ በየጊዜው እንዲጨምር ነው የታቀደው፣ ውሃም ሲጠፋ በቦቴ የሚገዛው ዋጋው ሌላ ነው፣ ሮቶ ባይኖራት ኖሮ ላብራቶሪው ይቆም ነበር። ኪራይ በወር 15,000፣ ለፈቃድ እድሳት፣ ለቆሻሻ ማስወገጃ፣ ለጥገናና ለወረቀት ለዓመቱ 60,000። ጠቅላላ ወጪ ወደ 1,588,000 ብር ሆነ።

አሁን ገቢ። በቀን 28 ሰው፣ በወር 728፣ በዓመት 8,736። (ጳጉሜን ለብቻዋ አስቀመጥናት፣ ደሞዝና ኪራይ በ12 ወር ነው የሚታሰበው፣ ታካሚ ግን ጳጉሜን ላይም ይመጣል፣ ያቺን እንደ ምርቃት ያዟት።) ወጪውን ለታካሚ ስናካፍለው አንድ ታካሚ 182 ብር ገደማ ያስወጣል። ካርድ፣ ላብራቶሪና መርፌ ተደምሮ ከአንድ ሰው በአማካይ 210 ብር ይገባል ብላ ነበር፣ ስለዚህ 1,834,000፣ ትርፍ ወደ 246,000። ከዚህ ላይ ካርድ አውጥቶ መክፈል ያቃተው፣ ቅናሽ የተደረገለት፣ ሰፈር ሰው ሆኖ "ነገ አመጣለሁ" ያለ አለ፣ 4 በመቶ ቀነስን፣ ትርፉ 173,000 ገደማ ቀረ፣ ግብሩም ገና አልተነሳም። ደስ ይላል አይደል?

እንግዲህ ጉዱ ያለው እዚህ ነው። ከታካሚዋ 30 በመቶ የሚሆነው የአንድ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፣ በውል በክሬዲት የሚታከም። ፋብሪካው ወሩ አልቆ ቢል ከተላከለት በኋላ የሚከፍለው በሁለት ወር ነው፣ ያውም ሲፈጥን። ክሊኒኩ ደግሞ የሚከፈተው ሐምሌ 1 ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው፣ ሰው ካልባሰበት አይወጣም፣ ለነዚህ ወራት በየወሩ 600 ታካሚ ብቻ ጠበቅን።

ሐምሌን ሠራናት። 600 ሰው በ210 ሲባዛ 126,000 ነው፣ ግን 30 በመቶው ክሬዲት፣ 4 በመቶው የማይገባ ስለሆነ ካዝና የሚደርሰው 83,000 ብቻ ነው። ወጪው? ደሞዝና ጡረታ 66,600፣ መብራትና ውሃ 6,500፣ እቃ 30,000፣ በዚህ ላይ አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ይላል፣ 90,000። ድምሩ 193,000። ገና በመጀመሪያው ወር 110,000 ብር ጎደለ። ነሐሴ ላይ የሚገባው ያው 83,000 ነው፣ የወባ ሰሞን ሳይመጣ የምርመራ ኪትና ግሉኮስ መግዛት ስላለባት እቃው 55,000 ሆነ፣ ሌላ 45,000 ተጨመረ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ 155,000 ብር ከየትም ፈልጋ ካላመጣች ነርሶቹ ደሞዝ አያገኙም። ዓመቱ አትራፊ ነው፣ ክሊኒኩ ግን በሁለተኛ ወሩ ይዘጋል።

መስከረም ላይ የሐምሌው ክሬዲት መግባት ይጀምራል፣ ታካሚም ይጨምራል፣ ከዚያ ወዲያ ቀስ እያለ ይቃናል። የወባው ወራት ኮምቦልቻን ነው የሚደግፉት፣ ቆላ ቀመስ ስለሆነች። ደሴ ጦሳ ተራራ ስር ብርድ ውስጥ ያለ ክሊኒክ ይሄን የወር አቆጣጠር ቢገለብጥ ይሸወዳል፣ እዚያ የሚበዛው ሌላ ነው።

ሌላ እኛ ጋ ብቻ ልብ የሚባል ነገር ረመዳን ነው። በጾሙ ቀን ቀን ታካሚ ይቀንሳል፣ ከአፍጥር በኋላ ደግሞ ይመጣል፣ ስለዚህ የማታ ዲዩቲ ክፍያ ይጨምራል። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ወደኋላ ስለሚመጣ ያለፈውን ዓመት የየካቲት ገቢ አይቶ የዘንድሮውን መጻፍ ያሳስታል፣ በጀቱ ላይ ቀኑን አይታችሁ አዘዋውሩት።

ዘመዴ 155ቱን ሺህ ስታይ ዝም አለች፣ ከዚያ "እና ልተወው?" አለችኝ። አብሽሪ አልኳት፣ ትርፉ አለ፣ የጎደለው ቀኑ ነው። አከራዩ ጋ ሄደን ሽማግሌ ጨምረን ኪራዩን የሦስት ሦስት ወር አደረግነው፣ 45,000 ወደ ጥቅምት ተገፋ፣ ጥቅምት ደግሞ ወባውም ገንዘቡም ያለበት ወር ነው። ጉድጓዱ ወደ 110,000 ወረደ። ፋብሪካውን ግን አላሸነፍነውም፣ ውሉ ላይ በ30 ቀን ይከፈል ብለን አስገባን፣ ፈረሙ፣ ያው በሁለት ወሩ ነው የሚከፍሉት። ስለዚህ በጀቱ ላይ የምንጽፈው ውሉ የሚለውን ሳይሆን እነሱ የሚከፍሉበትን ቀን ነው።