የትሬዲንግ ኮድን በተቀዳ የገበያ ዳታ መፈተሽ

የገበያ ዳታ ሪፕሌይ ማለት ቀደም ሲል የተቀዳ የዋጋ እንቅስቃሴን፣ በመጣበት ቅደም ተከተል፣ ለትሬዲንግ ኮድ መልሶ ማጫወት ነው። ኮዱ ዋጋው ከገበያ ይምጣ ከፋይል አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም።

ብዙ ሰው ከባክቴስት ጋር ያምታታዋል። ባክቴስት የሚጠይቀው «ይህ ስትራቴጂ ያዋጣል ወይ?» ብሎ ነው። እዚህ ሪፕሌይን የምንጠቀምበት ለዩኒት ቴስት ነው፤ ዩኒት ቴስት ግን ትርፍና ኪሳራ ውስጥ አይገባም። የእሱ ጥያቄ «ኮዱ አድርግ የተባለውን፣ አድርግ በተባለበት ሰዓት አደረገ ወይ?» ነው። ስለዚህ የዓመታት ዳታ አያስፈልገውም። የጥቂት ደቂቃ ቅጂ ይበቃዋል፤ ያውም ነገር የተበላሸበት ደቂቃ ቢሆን ይመረጣል። ዋጋ በድንገት የዘለለበት፣ ኔትወርክ የተቋረጠበት ወይም አንድ መልእክት ሁለት ጊዜ የመጣበት ቅጂ ከጸጥተኛ ቀን በብዙ ይሻላል።

ብዙው ጣጣ የሚመጣው ከሰዓት ነው። ጥሩ ቅጂ ለእያንዳንዱ መልእክት ሁለት ሰዓት ይይዛል፤ አንዱ ገበያው የመዘገበው፣ ሌላው መልእክቱ እኛ ማሽን ላይ የደረሰበት። ሪፕሌይ የሚሄደው በሁለተኛው ነው። በመጀመሪያው ከተደረደረ ዘግይተው የደረሱት መልእክቶች ሁሉ ቦታቸውን ይይዙና ፋይሉ ያምራል። ችግሩ፣ ቀጥታ ገበያ እንደዚያ አያምርም።

ኮዱም የኮምፒውተሩን ሰዓት ማየት የለበትም። «ዋጋው ከ2 ሰከንድ በላይ ከቆየ ኦርደር አትላክ» የሚል ሕግ አለ እንበል። ኮዱ ውስጥ `datetime.now()` ካለ፣ ያለፈው ወር ቅጂ ሲጫወት ዋጋው ሁሉ የወር ዕድሜ ያለው ይመስለዋል። አንድም ኦርደር አይወጣም። «ኦርደር መውጣት የለበትም» የሚለው ቴስትም ያለ ምንም ምክንያት ያልፋል፤ ይሄ ከመውደቅ የባሰ ነው። መፍትሔው ሰዓቱን ለስትራቴጂው ከውጭ መስጠት ነው። በሪፕሌይ ጊዜ ያንን ሰዓት ወደፊት የሚገፋው እያንዳንዱ መልእክት ራሱ ይሆናል።

አንድ ቀላል ሕግ እንውሰድ፦ የ1 ደቂቃ ካንድል ከቀደሙት 3 ካንድሎች የመዝጊያ አማካይ በላይ ከዘጋ ግዛ። የ09:30፣ የ09:31 እና የ09:32 ካንድሎች በ100፣ በ101 እና በ102 ዘጉ። አማካዩ 101 ነው። የ09:33 ካንድል በ102 ከፍቶ በ105 ዘጋ። ኦርደሩ መቼ ይወጣል? ብዙ ፋይሎች ካንድልን የሚሰይሙት በጀመረበት ደቂቃ ነው። 105 የሚታወቀው ግን 09:34 ሲሞላ ነው። ሪፕሌዩ ካንድሉን 09:33 ላይ ካቀበለ፣ ኮዱ ገና ያልመጣ ዋጋ አይቶ በ102 ይገዛል። በወረቀት ላይ የ3 ነጥብ ትርፍ ይታያል፤ ያ ትርፍ ግን የለም። ቴስቱ ይህን ይመስላል፦

```python
def test_waits_for_close():
    orders = replay("sample.csv", Strategy())
    assert len(orders) == 1
    assert orders[0].time >= "09:34:00"
```

ከዚህም የሚሻለው፣ ካንድል ሳይሆን እያንዳንዱን ግብይት ቀድቶ ካንድሉን ሪፕሌዩ ውስጥ መሥራት ነው። ያኔ የስያሜው ጣጣ ከሥሩ ይጠፋል።

ከወደፊቱ ዋጋ የሚሾልክ ነገር ሌላም በር አለው። አማካዩ በፓንዳስ `rolling(3, center=True)` ተሠርቶ ከሆነ፣ የቀጣዩ ካንድል ዋጋ ሳይታሰብ ይገባበታል። ይሄ በዓይን ቢታይ እንኳ በቀላሉ ያልፋል። የሚያጋልጠው ዘዴ ፋይሉን መቁረጥ ነው። ሙሉውን ቅጂ አጫውት፤ ከዚያ መሃል ላይ ቆርጠህ፣ አማካዩንና ሌላውን ስሌት ሁሉ በተቆረጠው ፋይል ላይ እንደ አዲስ እየሠራህ፣ ከመጀመሪያው አስኪደው። እስከ ተቆረጠበት ድረስ ያሉት ውሳኔዎች በሁለቱም አንድ መሆን አለባቸው። አንዲት ኦርደር እንኳ ከተለየች፣ ኮዱ የሆነ ቦታ ወደፊት እያየ ነው። መቁረጫውን ቦታ ደጋግሞ መቀያየር ያስፈልጋል፤ በአንድ ቦታ ብቻ ከተቆረጠ ልዩነቱ ሊያመልጥ ይችላል።

ሪፕሌይ የማይነግረን ነገርም አለ። የተቀዳው ገበያ እኛ ለላክነው ኦርደር አይንቀሳቀስም። እውነተኛ ገበያ ላይ ትልቅ ግዢ ዋጋውን ራሱ ሊገፋው ይችላል፤ በተወሰነ ዋጋ ወረፋ የያዘ ኦርደርም ተራው ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ ቴስቱ ኦርደሩ ትክክል መውጣቱን ይፈትሽ እንጂ «በዚህ ዋጋ ተገዝቷል» ብሎ አይማል።

ቀጥታ ሥራ ላይ ስህተት ሲገኝ ደግሞ የዚያን ጊዜ ቅጂ ቆርጦ ማስቀረት የተለመደ ነው። መጀመሪያ ስህተቱ በሪፕሌይ ሲደገም ይታያል፤ ኮዱ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ሲቆረጥ ግን ከስህተቱ በፊት ያሉትን ደቂቃዎችም መያዝ ያስፈልጋል። ከላይ ባለው ምሳሌ ቅጂው ከ09:33 ቢጀምር፣ ቀዳሚዎቹ 3 ካንድሎች ስለማይኖሩ አማካዩ አይሰላም፤ ስህተቱም አይደገምም።