ጎሉን በጩኸቱ መፈለግ፦ ከባሕር ዳር ስታዲየም ቀረጻ ሃይላይት ማውጣት

የአንድ ጨዋታ ቀረጻ ከማሟሟቂያው እስከ መጨረሻው ፊሽካ ሁለት ሰዓት ገደማ ይሄዳል። ሰው ማየት የሚፈልገው ግን ስድስት ሰባት ደቂቃ ብቻ ነው። ኤዲተሩ ያንን ለማግኘት ሙሉውን ቁጭ ብሎ ያያል፣ ወይም ደግሞ ምስሉን ትቶ ድምፁን ይመረምራል። ጎል ሲገባ ካሜራው ሌላ ቦታ ሊያይ ይችላል፤ ሕዝቡ ግን አያመልጠውም። የሕዝቡ ድምፅ ደግሞ በቁጥር የሚለካ ነገር ነው።

ባሕር ዳር ለዚህ ጥሩ መማሪያ ነች። ስታዲየሙ በአገሪቱ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነው፤ ኅዳር 2012 ዋልያዎቹ አይቮሪኮስትን 2 ለ 1 የረቱት እዚሁ ነው። ክለቡን የጣና ሞገዶቹ እያለ የሚጠራው የባሕር ዳር ከተማ ደጋፊ ሲዘምር ዝም ብሎ አይዘምርም። ከበሮ አለ፣ ጥሩምባ አለ፣ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስም አለ። እነዚህ ሁሉ ማይክ ውስጥ ይገባሉ። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ከሁሉ የጮኸውን ቦታ መፈለግ ነው። ይህ አይሠራም። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ትሪቡኑ ግማሽ ባዶ ነው፤ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ሞልቶ ይዘፍናል። በሁለተኛው አጋማሽ ተራ ዘፈን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከገባ ጎል ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ መለካት ያለበት ጩኸቱ ምን ያህል ትልቅ ነው የሚለው ሳይሆን፣ በዙሪያው ካሉት ደቂቃዎች ምን ያህል ዘሎ ወጣ የሚለው ነው። እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል ይህንን እይዛለሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ ffmpeg በተባለው ፕሮግራም ድምፁን ከቪዲዮው ለይተን እናወጣለን፤ በዚያው ነፋሱንም እንቀንሳለን።

```
ffmpeg -i chewata.mp4 -vn -ac 1 -ar 16000 -af "highpass=f=250,lowpass=f=4000" chewata.wav
```

የነፋስ ጉርምርምታ አብዛኛው ጉልበቱ ከ250 ኸርዝ በታች ነው፤ የከበሮውም ወፍራም ድምፅ እንዲሁ። የሰው ጩኸት ግን ከዚያ በላይ ብዙ ጉልበት ስላለው ብዙም አይጎዳም። ይህችን ማጣሪያ ሳያስገባ የሚሠራ ሰው ነፋሻ ቀን ላይ ከጎል ይልቅ ነፋስ ነው የሚሰበስበው።

ከዚያ ድምፁን በግማሽ ሰከንድ እየቆራረጥን የእያንዳንዱን ቁራጭ አማካይ ጉልበት በዴሲቤል እናሰላለን። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ቁራጭ ዙሪያ ያሉትን አራት ደቂቃዎች ወስደን መሐለኛውን ዋጋ፣ ማለትም ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለውን፣ እናገኛለን። እሱ የዚያን ሰዓት ተራ ጫጫታ ይነግረናል። ከቁራጩ ላይ እሱን ስንቀንስ የሚተርፈው ዝላዩ ነው።

```python
import numpy as np, soundfile as sf
from scipy.ndimage import median_filter
x, sr = sf.read("chewata.wav")
n = sr // 2
x = x[:len(x)//n*n].reshape(-1, n)
db = 20*np.log10(np.sqrt((x**2).mean(axis=1)) + 1e-9)
lift = db - median_filter(db, size=481)
for i in np.where(lift > 6)[0]:
    print(i // 120, (i % 120) / 2, round(lift[i], 1))
```

የሚታየው ደቂቃው፣ ሰከንዱና ዝላዩ ነው። 6 ዴሲቤል ማለት የድምፁ ሞገድ ቁመት እጥፍ ሆነ ማለት ስለሆነ ለመነሻ ጥሩ ነው። ብዙ ነገር ካመጣ 7 ወይም 8 ማድረግ ይቻላል። አማካይ ሳይሆን መሐለኛ ዋጋ የወሰድነው በምክንያት ነው። የጎል ጩኸት አማካዩን ወደ ላይ ይጎትተዋል፤ ያኔ ራሱ ጎሉ የራሱን ዝላይ ያሳንሳል። መሐለኛው ግን በግማሽ ደቂቃ ጩኸት አይነቃነቅም።

አሁን አንድ ጨዋታ በምሳሌ እንይ። ቁጥሮቹ ለማሳያ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ሁልጊዜ የሚያጋጥም ነው። ኮዱ አራት ቦታ አወጣልን እንበል። በ12ኛው ደቂቃ 8 ዴሲቤል፣ በ23ኛው 9፣ በ41ኛው 11፣ በ58ኛው 7።

12ኛውን ከፍተን ስንሰማው ከማይኩ አጠገብ የተነፋ ጥሩምባ ነው። ይህንን ሳይሰሙም መለየት ይቻላል። የብዙ ሺህ ሰው ጩኸት ጉልበቱ በሰፊው የተበተነ ነው፤ የጥሩምባው ግን በጥቂት ቀጫጭን መስመሮች ላይ ይከማቻል። ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ፕሮግራም ከፍቶ ስፔክትሮግራሙን፣ ማለትም ቀጭኑና ወፍራሙ ድምፅ በጊዜ ሲሄድ የሚያሳየውን ሥዕል፣ ያየ ሰው ወዲያው ያውቀዋል፤ ጥሩምባው የተሰመሩ አግድም መስመሮች ይሠራል፣ ሕዝቡ ደግሞ ጉም የመሰለ ነገር።

23ኛው ኳስ አግዳሚ መትታ የተመለሰችበት ነው። 41ኛው ጎል ነው። በቁመት ብዙ አይራራቁም፤ 9 እና 11 ነው። የሚለያቸው ቆይታቸው ነው። የተሳተ ኳስ ላይ ሕዝቡ ባንዴ ይነሳና ባንዴ ይወርዳል፤ በሦስት አራት ሰከንድ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጎል ላይ ግን ይጮኻል፣ ይተቃቀፋል፣ ይዘፍናል፤ ዝላዩ አስራ አምስት ሃያ ሰከንድ ከ6 በላይ ይቆያል። ስለዚህ ደረጃ ስንሰጥ ቁመትን ብቻ ሳይሆን ከ6 በላይ የቆየበትን ጊዜም ማየት አለብን። በመካከል ትንሽ ቢወርድና ከአስር ሰከንድ ሳይበልጥ ተመልሶ ቢነሳ እንደ አንድ ክስተት መቁጠር ነው፤ አለዚያ አንዱ ጎል ሦስት ጎል ይሆናል።

58ኛው ደግሞ ዳኛው ቅጣት ሳይሰጥ ሲቀር የተነሳ ተቃውሞ ነው። ዝላዩ ዝግ ብሎ ነው የሚወጣው፣ ፉጨቱም ብዙ ነው። ይህ ሃይላይት ውስጥ ይግባ አይግባ የኤዲተሩ ፈንታ ነው። እኔ አስገባለሁ፤ ማታ ካፌ ውስጥ ሰው የሚከራከረው በእሱ ነውና።

እዚህ ላይ ያልወጣ አንድ ነገር አለ። በ67ኛው ደቂቃ እንግዳው ቡድን ጎል አግብቷል። ኮዱ ምንም አላለም። ሊልም አይችልም፤ ባሕር ዳር ላይ እንግዳው ሲያገባ ስታዲየሙ ነው ጸጥ የሚለው። በጩኸት ብቻ የሚሠራ ሃይላይት አንድ ለአንድ ያለቀን ጨዋታ አንድ ለባዶ አስመስሎ ያወጣል። ይሄ ትልቁ ድክመቱ ነው። መፍትሔው ወደ ታች የወረደውንም መፈለግ ነው፦ ዝላዩ ከ−4 በታች ሆኖ ግማሽ ደቂቃ ያህል የቆየበትን ቦታ ሁሉ። እዚያ ውስጥ የተጎዳ ተጫዋች ያጋጥማል፣ የውኃ እረፍት ያጋጥማል፣ የእንግዳው ጎልም ይገኛል። ፍፁም ቅጣት ምት ደግሞ ሁለቱንም ይይዛል፤ መጀመሪያ ጸጥታ፣ ቀጥሎ ፍንዳታ።

ስለ ማይኩ ካልተናገርኩ ግን የላይኛው ሁሉ ከንቱ ነው። ስልክና ብዙ ካሜራዎች ድምፁን በራሳቸው ያስተካክላሉ፤ ዝግ ሲል ከፍ ያደርጉታል፣ ሲጮኽ ያወርዱታል። ይህ እኛ የምንፈልገውን ልዩነት የሚያጠፋ ነው። እንዲህ ያለ ቀረጻ በምን ይታወቃል? ትልቅ ጩኸት ካለፈ በኋላ ድምፁ ለጥቂት ሰከንድ ካለቅጥ ይሞታል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይመለሳል። ሕዝቡ ዝም ብሎ አይደለም፤ ማሽኑ ነው። ካሜራው የሚፈቅድ ከሆነ የድምፁን መጠን በእጅ መወሰን ይሻላል። ደጋፊው በዘፈን ላይ እያለ ጠቋሚው −24 አካባቢ እንዲሆን ማድረግ ለጎሉ በቂ ቦታ ይተዋል። ከፍ ብሎ ከተቀረጸ ድምፁ 0 ላይ ይቆረጣል፤ ጫፉ በመጋዝ የተቆረጠ ይመስላል፣ ትልቁም ትንሹም ጩኸት አንድ ቁመት ይሆናል።

አቅሙ ካለ ሁለት ማይክ ከሁሉ ይበልጣል። አንዱ በዚህኛው ትሪቡን፣ ሌላው ማዶ። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም የሚሰሙት አንድ ድምፅ፣ ለምሳሌ የመክፈቻውን ፊሽካ፣ ይዞ ያገናኟቸዋል። ከዚያ በየቁራጩ ከሁለቱ ዝላዮች ትንሹን ብቻ መውሰድ ነው። አጠገብህ ያለው ሰውዬ ቢጮኽ አንዱ ማይክ ብቻ ይዘላል፣ ትንሹ ዋጋ አይነቃነቅም። ጎል ከሆነ ሁለቱም ይዘላሉ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ ከማዶ እስኪደርስ የሚባክነው ጊዜ ከግማሽ ሰከንድ ቁራጫችን ብዙም አይበልጥም።

ይኸው ዘዴ ለጥምቀት ሲሆን ይለወጣል። በከተራና በጥምቀት ጣና ዳር የሚቀረጸውን ብትወስዱ ከፍተኛው ድምፅ የድምፅ ማጉያው ነው፤ እሱ ደግሞ ለሰዓታት አይወርድም። አጠቃላይ ጩኸቱን መለካት የሚያወጣው ማጉያው የተከፈተበትንና የተዘጋበትን ብቻ ነው። እዚያ የሚፈለገው እልልታ ነው። እልልታ ቀጭን፣ በፍጥነት የሚርገበገብ ድምፅ ስለሆነ የታችኛውን ማጣሪያ ከ250 ወደ 1500 ኸርዝ ከፍ ማድረግ ብዙውን ንግግርና ከበሮ ያስወግዳል። ታቦቱ ሲወጣና ጠበሉ ሲረጭ ያለው እልልታ ከዚያ በኋላ ጎልቶ ይታያል። ፍጹም አይደለም፤ የማጉያው ፉጨት አብሮ ይገባል።

ቦታዎቹ ከተገኙ በኋላ የሚቀረው መቁረጥ ነው። ጩኸቱ የሚመጣው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ከዝላዩ መነሻ 12 ሰከንድ ወደ ኋላ ሄዶ መጀመር ያስፈልጋል፣ የጎሉ አገነባብ እንዲታይ። ለመልሶ ማጥቃት ጎል 12 ይበቃል፤ ረጅም ቅብብል ላለበት 20 ማድረግ ይሻላል። ዝላዩ 41 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ላይ ከጀመረ እንዲህ ነው፦

```
ffmpeg -ss 00:41:18 -i chewata.mp4 -t 40 -c:v libx264 -c:a aac gol1.mp4
```

ለመፍጠን ብሎ `-c copy` የሚጠቀም ሰው አለ። ያኔ ግን ቪዲዮው በትክክል በተባለው ሰከንድ አይቆረጥም፤ ከዚያ በፊት ካለው ሙሉ ምስል ነው የሚነሳው፣ አንዳንዴም መጀመሪያው ላይ ምስሉ ቆሞ ድምፁ ብቻ ይሄዳል። አርባ ሰከንድ እንደገና ማመቅ ተራ ላፕቶፕ ላይም ብዙ አይፈጅም።