የአረፍተ ነገር አጀማመር ድግግሞሽ ምንድን ነው?

በተከታታይ የሚመጡ አረፍተ ነገሮች ሁሉ በአንድ ቃል፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ባለቤት ሲጀምሩ የአጀማመር ድግግሞሽ ይባላል። አንባቢው ሐሳቡ ወደፊት እየሄደ ቢሆንም በየነጥቡ ወደ መነሻው የተመለሰ ይመስለዋል። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ተማሪዎችን ሳስጠና በየድርሰቱ የማገኘው ችግር ነው። አንዷ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስለ እናቷ እንዲህ ጽፋ ነበር፦

«እናቴ ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ አትክልት ትሸጣለች። እናቴ ሌሊት 11 ሰዓት ትነሳለች። እናቴ በታክሲ ጅምላ ገበያ ትሄዳለች። እናቴ ሽንኩርትና ቲማቲም ታመጣለች። እናቴ ቲማቲሙን መርጣ ትደረድራለች። ታናሽ እህቴ ከሰዓት በኋላ ታግዛታለች። እናቴ ማታ 2 ሰዓት ወደ ቤት ትገባለች።»

ጽሑፉ የሰዋስው ስሕተት የለበትም፤ የተነገረውም ነገር እውነትና ልብ የሚነካ ነው። ያደከመው «እናቴ» የሚለው ቃል በየአረፍተ ነገሩ ራስ ላይ መቆሙ ነው።

ብዙ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚሞክሩት መፍትሔ ስሙን መቀያየር ነው፦ አንዴ «እናቴ»፣ አንዴ «ወላጄ»፣ አንዴ «ይህች ታታሪ ሴት»። ይህን እንዲተዉት አጥብቄ እመክራለሁ። አንባቢው ሌላ ሰው የመጣ ይመስለዋል፤ ድግግሞሹ ቢጠፋም ግራ መጋባት ይተካዋል።

የአማርኛ ግስ ባለቤቱን በውስጡ ይዟል። «ትነሳለች» ስንል አንዲት ሴት እንደሆነች ከግሱ እናውቃለን፤ ስለዚህ ባለቤቱ አንዴ ከተጠራ በኋላ ካልተለወጠ ደግሞ መጥራት አያስፈልግም። ሆኖም «እናቴ»ን መሰረዝ ብቻውን አይበቃም። ሰርዘን ስናነበው «ትነሳለች። ትሄዳለች። ታመጣለች። ትደረድራለች።» ይሆንና ድግግሞሹ ከራስጌ ወደ ግርጌ ይወርዳል። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ የአጀማመርን ችግር የሚያርም ሰው የአጨራረሱንም ድምፅ ማዳመጥ አለበት።

እዚህ ላይ የሚያግዘን ቦዝ አንቀጽ ነው፤ «ተነስታ»፣ «ሄዳ»፣ «መርጣ» የሚለው ዓይነት ግስ። ተከታታይ ድርጊቶችን ሳያስር ያያይዛቸውና አንዱ ማሰሪያ ለሁሉም ይበቃል። በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ቢሆኑ ደህና ነው፤ ከዚያ ሲበዙ አንባቢው ማሰሪያውን ሲጠብቅ ትንፋሽ ያጥረዋል። ተማሪዋ ይህን ይዛ ጽሑፏን እንዲህ አስተካከለችው፦

«እናቴ ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ አትክልት ትሸጣለች። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ፣ በታክሲ ጅምላ ገበያ ሄዳ ሽንኩርትና ቲማቲም ታመጣለች። ቲማቲሙን የምትደረድረው አንድ በአንድ መርጣ ነው። ከሰዓት በኋላ ታናሽ እህቴ ታግዛታለች። እናቴ ማታ 2 ሰዓት ወደ ቤት ትገባለች።»

ሁለተኛው አረፍተ ነገር በጊዜ፣ ሦስተኛው በተሳቢ፣ አራተኛው እንደገና በጊዜ ይጀምራል። «የምትደረድረው … ነው» የሚለው አሠራር አጨራረሱን ከመለወጡም በላይ ክብደቱን አመራረጧ ላይ ያሳርፋል። ይህን አሠራር ግን ትኩረት ለሚገባው ነገር ማቆየት ይሻላል፤ በየመስመሩ ከገባ ሁሉም ነገር እኩል ይጮኻል።

የመጨረሻውን «እናቴ» ሳትሰርዘው መቅረቷ ትክክል ነበር። መሀል ላይ ታናሽ እህቷ ስለገባች፣ «ማታ 2 ሰዓት ወደ ቤት ትገባለች» ብላ ብትተወው የምትገባው እህቷ ትመስላለች። ባለቤት ተለውጦ ሲመለስ ስሙን መጥራት የግድ ነው።

ሌላም ጥንቃቄ የሚፈልግ ቦታ አለ። «ስትመለስ ደክሟት ነበር» ቢባል ችግር የለም፤ «ደክሟት» የሚለው ማንነቷን ይናገራል። «ስትመለስ እራት ደርሶ ነበር» ከሆነ ግን «ስትመለስ» ለእርሷም ለ«አንተ»ም ስለሚሆን፣ አንባቢ ሊስት በሚችልበት ቦታ ባለቤቱን መጨመር ይበጃል። ለድግግሞሽ ብለን ግልጽነትን መሠዋት የለብንም።

ሙሾ፣ ጸሎትና ንግግር አንድን መነሻ ሆን ብለው ይደጋግማሉ። በዚያ እያንዳንዱ ድግግሞሽ ስሜቱን ከፍ ያደርጋል። የተማሪዋ «እናቴ» ግን ሁለተኛው ላይም አምስተኛው ላይም ሥራው ያው ነበር፤ ብንሰርዘው የሚጎድል ስሜት አልነበረም።

ጽሑፋችሁን ለመመርመር የእያንዳንዱን አረፍተ ነገር የመጀመሪያ ቃል በወረቀት ጠርዝ ላይ ከላይ ወደ ታች ጻፉ፤ በሌላው ጠርዝ ደግሞ ማሰሪያዎቹን። አንድ ቃል ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከወረደ መሀለኛውን ከላይኛው ጋር በቦዝ አንቀጽ ለማያያዝ ሞክሩ፤ ባለቤታቸው አንድ ካልሆነ ደግሞ በጊዜ ወይም በቦታ አስጀምሩት።