እኩል ዘለው አንዱ ለምን አሸነፈ?

በቶኪዮ ኦሎምፒክ የወንዶች ርዝመት ዝላይ ፍጻሜ ላይ ግሪካዊው ሚልቲያዲስ ቴንቶግሉና ኩባዊው ሁዋን ሚጌል ኤቼቫሪያ ሁለቱም 8.41 ሜትር ዘለሉ። ወርቁ ግን ለቴንቶግሉ ሆነ። ብዙ ተመልካች ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው።

በፍጻሜው ሁሉም ተወዳዳሪ ሦስት ሙከራ ያገኛል፤ ከዚያ የተሻሉት ስምንቱ ሦስት ይጨመርላቸዋል። ሙከራዎቹ አይደመሩም፣ የእያንዳንዱ ምርጥ ዝላይ ብቻ ነው የሚቆጠረው። ምርጦቹ እኩል ሲሆኑ ግን ሁለተኛው ምርጥ ይታያል። የቴንቶግሉ 8.15፣ የኤቼቫሪያ 8.09 ነበር፤ በ6 ሴንቲ ሜትር ተለያዩ። ስለዚህ ሜዳ ስትገቡ የመሪውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ሌሎቹንም ሙከራዎች ያዙ።

ልኬቱም ያሳስታል። የሚለካው እግሩ ከተነሣበት ቦታ አይደለም፤ ከመርገጫው ጣውላ በአሸዋው በኩል ካለው ጠርዝ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ቀድሞ የተነሣ ሰው ያቺን 10 ሴንቲ ሜትር ያጣታል። ጠርዙን ካለፈ ደግሞ ቀይ ባንዲራ ይነሣበታል፣ ዝላዩም አይለካም። አሸዋው ላይ የሚወሰደው ለጠርዙ የቀረበው ምልክት ነው፤ ወደ ኋላ ተደግፎ በእጁ አሸዋውን ከነካ የሚለካው እስከ እጁ ድረስ ነው። ያሳዝናል፣ ግን ሕጉ ይህ ነው።

አሎሎ ውርወራም ሙከራውና የእኩልነቱ ሕግ ያው ነው፤ ልኬቱ ከክቡ ውስጠኛ ጠርዝ አሎሎው እስካረፈበት የቅርብ ምልክት ነው። ወርዋሪው ግን አሎሎው ሳያርፍ ከክቡ መውጣት አይችልም፤ ሲወጣም በኋለኛው ግማሽ በኩል መሆን አለበት።