ኮንቲኒዩስ ኢንተግሬሽን ምንድን ነው? ቴስት መሮጡና ዲፕሎይን ማገዱ የተለያዩ ናቸው

በተለምዶ ኮንቲኒዩስ ኢንተግሬሽን፣ በአጭሩ ሲአይ፣ የሚባለው አዲስ ኮድ በተላከ ቁጥር ፓይፕላይን በሚባል የትእዛዞች ሰንሰለት በራሱ እንዲፈተሽ ማድረግ ነው፦ ሊንት የኮዱን አጻጻፍ፣ ቴስት አሠራሩን ይፈትሻሉ፤ ዲፕሎይ ኮዱን ለተጠቃሚው ያደርሳል። «ከእያንዳንዱ ዲፕሎይ በፊት ሊንትና ቴስት የሚያሮጥ ፓይፕላይን አለን፤ የተበላሸ ኮድ ግን አሁንም ያልፋል፤ ስለዚህ ለትንሽ ሪፖዚቶሪ ሲአይ አይጠቅምም» የሚል አስተያየት በተደጋጋሚ አነባለሁ። ስህተቱ ያለው «በፊት» በሚለው ቃል ላይ ነው። በፓይፕላይኑ ፋይል ውስጥ ከላይ የተጻፈ ሁሉ ቀድሞ ይሮጣል ማለት አይደለም።

ፓይፕላይን በሚያሮጠው የጊትሃብ አገልግሎት፣ በጊትሃብ አክሽንስ፣ አንዱ ጆብ ማለትም አንዱ የሥራ ክፍል ሌላውን እንዲጠብቅ ካልታዘዘ በቀር ሁሉም ጎን ለጎን ይሮጣሉ። ሊንት 20 ሰከንድ፣ ቴስት 3 ደቂቃ፣ ዲፕሎይ ደግሞ 40 ሰከንድ ይፈጃሉ እንበል። ሦስቱም እኩል ከተነሡ፣ ቴስቱ ወድቆ ቀይ ምልክት ሲታይ አዲሱ ኮድ ተጠቃሚው ዘንድ ከደረሰ ከሁለት ደቂቃ በላይ ሆኖታል። ቴስቱ ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ የጎደለው ይህ መሥመር ነው፦

```yaml
deploy:
  needs: [lint, test]
```

ፓይፕላይኑን በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ብናየው፣ ያለዚህ መሥመር ዘበኛው ገቢውን በጥንቃቄ ይፈትሻል፤ በሩ ግን ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው። ሪፖዚቶሪው ትንሽ ከሆነ ሦስቱንም በአንድ ጆብ ውስጥ በተከታታይ ስቴፕነት ማስቀመጥም ይበቃል፤ አንዱ ስቴፕ ሲወድቅ ቀጣዮቹ በራሳቸው ይቆማሉና።

በሩ ከተዘጋ በኋላም ዘበኛው የሚናገረው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦ 0 ከሆነ ይለፍ፣ ሌላ ከሆነ ይቁም። ፓይፕላይኑ የቴስቱን ጽሑፍ አያነብም፤ የሚያየው ትእዛዙ ሲያበቃ የሚመልሰውን ይህን የመውጫ ኮድ ነው። ስለዚህ `npm test || true` ብሎ የጻፈ ሰው ዘበኛውን ምንም ቢያገኝ «ይለፍ» እንዲል አዞታል። ሳይታወቅ የሚገባ ወጥመድም አለ፦ `npm test | tee log.txt` ሲባል ባሽ የሚመልሰው የመጨረሻውን ትእዛዝ፣ ጽሑፉን ተቀብሎ ወደ ፋይል የሚገለብጠውን የ`tee`ን ውጤት ነው። መልእክተኛው ወረቀቱን ማድረሱን ሲናገር፣ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ይቁም» ሰሚ ያጣል። ከላይ `set -o pipefail` መጻፍ ይህን ያስተካክላል።

በነገራችን ላይ፣ «ኮንቲኒዩስ ኢንተግሬሽን» የሚለው ቃል በጥብቅ ትርጉሙ የእያንዳንዱን ሰው ሥራ ቢያንስ በየቀኑ ከዋናው ኮድ ጋር ማዋሐድን ያመለክታል፤ ቅርንጫፉን ለሦስት ሳምንት ለብቻው ይዞ የሚቆይ ቡድን ፓይፕላይን ቢኖረውም ሥራውን እያዋሐደ አይደለም።

የራስዎን በር ለመፈተሽ የዲፕሎዩን ትእዛዝ ለጊዜው በ`echo` ይተኩና ሆን ብለው የሚወድቅ ቴስት ይላኩ። ዲፕሎይ `skipped` ተብሎ ካልታየ በሩ አልተዘጋም። `needs` ተጽፎም ከሮጠ፣ በዲፕሎይ ጆብ ላይ `if: always()`፣ በቴስቱ ላይ ደግሞ `continue-on-error: true` ተጽፎ እንደሆነ ይፈልጉ፤ ሁለቱም ቴስቱ ቢወድቅም ዲፕሎዩ እንዲቀጥል ያደርጋሉ።