የትዕዛዝ ሥራ ዋጋ፦ ልብስ ሰፊና አናጺ እንዴት ያሰላሉ፣ እንዴትስ ያስረዳሉ?

የተዘጋጀ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ዋጋ የሚያወጣው ዕቃው እጁ ከገባ በኋላ ነው። በትዕዛዝ የሚሠራ ሰው ግን ገና ላልተሠራ ነገር ዋጋ ይቆርጣል። ደንበኛውም ገና ላላየው ነገር ይስማማል። ክርክሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ዋጋው ከሦስት ነገሮች ይወጣል፤ ከዕቃ፣ ከእጅ ዋጋና ከትንሽ መጠባበቂያ። የዕቃውን ዋጋ ማንም ይቆጥረዋል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እጅ ዋጋው ላይ ነው።

አንድ ብቻውን የሚሠራ አናጺ እናስብ። ቁጥሮቹ ለስሌት ብቻ ናቸው፤ የፈለጋችሁትን ገንዘብ ልታስቡባቸው ትችላላችሁ። ለኑሮው በወር 24,000 ያስፈልገዋል። ለኪራይ፣ ለመብራት፣ ለመጋዝ ስለትና ለሚያረጁ መሣሪያዎች ደግሞ 12,000 ይወጣል። በድምሩ 36,000 ማለት ነው። በሳምንት 48 ሰዓት ይሠራል፤ በወር 192 ሰዓት። 36,000ን ለ192 ሲያካፍል በሰዓት 187 ከ50 ይመጣል። ልክ ይመስላል፤ ግን አይደለም።

ከ48ቱ ሰዓት ውስጥ ቦርድ ፍለጋ የሚሄድበት አለ። ደንበኛ የሚያነጋግርበት፣ ስለት የሚያስልበት፣ መጋዝ ብናኝ የሚጠርግበትም አለ። እነዚህን ሰዓታት ማንም አይከፍለውም። ደንበኛ በሚከፍልበት ሥራ ላይ የሚያጠፋው ጊዜ በሳምንት 30 ሰዓት ከሆነ፣ በወር 120 ነው። ያኔ እውነተኛው የሰዓት ዋጋ 300 ይሆናል። በ187 ከ50 ሲያስከፍል የከረመ ሰው ቀን ከሌት እየሠራ ወሩን መድፈን ያቅተዋል። ጥፋቱን ደግሞ ደንበኛ ማነስ ላይ ይጥላል።

አሁን አንድ ባለ ሁለት በር ቁምሳጥን እንውሰድ። ቁመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1.20 ሜትር፣ ጥልቀቱ 55 ሳንቲ ሜትር ነው። የሚሠራው ከኤምዲኤፍ ሲሆን፣ አንዱ ቦርድ 2.44 በ1.22 ሜትር ነው። ደንበኛዋ ውስጡ ሁለት መደርደሪያ ይኑረው ብለዋል። ከአንዱ ቦርድ ሁለቱ ጎኖች ይወጣሉ። ከሌላው ሁለቱ በሮች ይወጣሉ። ከሦስተኛው ደግሞ ጣሪያው፣ ወለሉና ሁለቱ መደርደሪያዎች። ሦስት ቦርድ፣ እያንዳንዱ በ1,500፣ 4,500 ሆነ። የጀርባው ስስ ቦርድ 700 ነው። ማጠፊያ፣ እጀታ፣ ብሎን፣ ኮላና የጠርዝ ማሸጊያ 1,400 ይሁን። ዕቃው 6,600 ገባ። ማጓጓዙና ቤት ገብቶ መገጣጠሙ ተጨምሮ ሥራው 20 ሰዓት ቢወስድ፣ እጅ ዋጋው 6,000 ነው። ጠቅላላ 12,600።

መጠባበቂያው ለሚበላሽ ቁራጭ፣ ለሚዘገይ ሥራ፣ ለሚመለስ በር የሚሆን ነው። ከመጨረሻው ዋጋ 10 በመቶ እንዲተርፍ ከተፈለገ ስሌቱ ላይ ትንሽ ወጥመድ አለ። 12,600 ላይ 10 በመቶ መጨመር 13,860 ይሰጣል። ይህ ግን ከዋጋው 9 በመቶ ብቻ ነው የሚያስቀረው። ትክክለኛው መንገድ 12,600ን ለ0.9 ማካፈል ነው። 14,000 ይመጣል።

ደንበኛዋ ተመልሰው መጡ እንበል። «አንድ መደርደሪያ ብቻ ጨምርልኝ፤ ትንሽ ነገር ነው።» በካሬ ሜትር ካሰላነው እውነት ይመስላል። ሁሉም ክፍሎች ከአዲሱ መደርደሪያ ጋር ተደምረው 7.8 ካሬ ሜትር ገደማ ናቸው። ሦስቱ ቦርዶች ደግሞ ወደ 9 ይጠጋሉ። ነገር ግን አምስተኛው ቁራጭ 1.16 ሜትር በ55 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ከጎኖቹና ከበሮቹ ቦርድ የሚተርፈው ግን 44 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ነው። የትኛውንም ቦርድ ብታገላብጡት 55ቱ አይወጣም። ስለዚህ አራተኛ ቦርድ ይገዛል። 1,500 ለቦርዱ፣ 300 ለአንድ ሰዓት፤ ለ0.9 ሲካፈል 2,000 ይሆናል። የዕቃን መጠን በካሬ ሜትር ብቻ አስልቶ ዋጋ የሚናገር አናጺ እዚህ ላይ ከኪሱ ይከፍላል። ዋጋ ከመናገር በፊት የመቁረጫውን ንድፍ በወረቀት ላይ መሳል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ለማስረዳትም ያ ወረቀት ከቃል ይበልጣል። አናጺው ንድፉን ያሳያቸውና እንዲህ ይላል፦ «እሜቴ፣ ይኸው፣ የተረፈው ይህ ነው። መደርደሪያው ሙሉ ይሁን ካሉ አዲስ ቦርድ እከፍታለሁ፤ 2,000 ይጨምራል። 44 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ግን ከተረፈው ይወጣል፤ ከነጠርዙ 400 ብቻ ነው።» አሁን ጭቅጭቁ ቀረ፤ ምርጫ ሆነ።

«ቀንስልኝ» ለሚለው ጥያቄም መልሱ ከዚሁ ይመነጫል። ዋጋ የሚቀንሰው ሥራው ሲቀንስ ነው። ርካሽ እጀታ፣ ወይም ደንበኛው ራሱ የሚያጓጉዘው ቁምሳጥን ዋጋውን በእውነት ያወርዳል። ምንም ሳይቀየር ከ14,000 ወደ 12,000 መውረድ ግን ለደንበኛው የሚነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ዋጋ የውሸት ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ ከ10,000 ይጀምራል። አይፈረድበትም።

የልብስ ሰፊ ስሌት መንገዱ ያው ሆኖ ሚዛኑ ይለያል። ብዙ ጊዜ ጨርቁን ደንበኛው ያመጣል። ስለዚህ ዋጋው በአብዛኛው ሰዓት ነው፤ ሰዓት ደግሞ አይታይም። ሰዎች ገበር ያለውንና የሌለውን ኮት ከውጭ ሲያዩ አንድ ይመስላቸዋል። ገበሩ ግን ውስጡ ያለ ሌላ ልብስ ነው፤ ለብቻው ይቆረጣል፣ ይሰፋል፣ ከዚያ ይገጠማል። ባለ ቼክ ጨርቅም እንዲሁ ነው። መስመሮቹ በጎን ስፌቱና በኪሱ ላይ እንዲገጥሙ እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ይለካል። ጨርቁም ከተለመደው ይበልጣል። ከፋይ የሚባለው ጨርቅ ደግሞ ፀጉሩ ወደ አንድ ወገን ስለሚተኛ ቁርጦቹን እየገለባበጡ ማጠጋጋት አይቻልም። እንዲህ ያለውን ጨርቅ ደንበኛው ገዝቶ ከመጣ በኋላ «አይበቃም» ማለት ጥሩ አይደለም። መለኪያው ተወስዶ፣ የሚያስፈልገው ሜትር ከነጨርቁ ወርድ ተጽፎ ቢሰጠው ይሻላል። ለአንድ ዓይነት ልብስ 1.10 ሜትር ወርድ ካለውና 1.50 ካለው ጨርቅ የሚያስፈልገው ሜትር ይለያያል።

ልብስ ሰፊው ዋጋ ሲናገር ለብሶ የማየቱን ቁጥርም መጥቀስ አለበት። «ሁለት ጊዜ ለብሰው ያዩታል፤ ከስፌቴ የመጣ ጉድለት ካለ በነፃ አስተካክላለሁ። አንገቱ ይቀየር ካሉ ግን የተሰፋውን ፈትቶ መልሶ መስፋት ስለሆነ ለብቻው ይታሰባል።» የተሰፋን መፍታት ከመስፋት የበለጠ ጊዜ ሊወስድ እንደሚችል ደንበኛው የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ካልተነገረው።

ቀብዱ ቢያንስ የዕቃውን ዋጋ መሸፈን አለበት። በእኛ ምሳሌ 6,600 መሆኑ ነው። ከዚያ ካነሰ አናጺው ለደንበኛዋ አበዳሪ ሆነ ማለት ነው። ጨርቅ ያመጣ ደንበኛ ላይ ቀብዱ ሊያንስ ይችላል። ይሁን እንጂ መቀስ ከገባ በኋላ የሰው ጨርቅ ተጠያቂነቱ በሰፊው ላይ ነው፤ የተበላሸውን መተካትም መጠባበቂያው ውስጥ ይታሰባል።

በወረቀቱ ላይ መጠኑ፣ የዕቃው ዓይነት፣ በዋጋው ውስጥ የማይገባው ነገርና ዋጋው የሚቆይበት ቀን ይጻፍ። የቦርድና የጨርቅ ዋጋ በፍጥነት በሚጨምርበት ጊዜ ያለ ቀን የተነገረ ዋጋ አደጋ አለው፤ ደንበኛው ከሁለት ወር በኋላ መጥቶ «ያልከኝ ይህ ነበር» ይላል። እውነቱን ነው።

ሰዓቱስ በምን ይታወቃል? በግምት የሚሄድ ሁሉ ለራሱ ያሳንሳል፤ ቆረጣውንና ስፌቱን አስታውሶ ካውያውን፣ ቁልፍ መትከሉንና ክር መልቀሙን ይረሳል። አናጺውም በብርጭቆ ወረቀት ማለስለሱን ይዘነጋል። የጀመሩበትንና ያቆሙበትን ሰዓት ለጥቂት ሥራዎች ደብተር ላይ መጻፍ ይበቃል። ተመሳሳይ ትዕዛዝ ሲመጣ ዋጋው ከዚያ ይነበባል። የተገመተውና የተጻፈው ሰዓት በተደጋጋሚ ከተራራቁ ደግሞ መስተካከል ያለበት ግምቱ ነው።