ኮምፕሬሽን ሬሾ ምንድን ነው? ናፍጣ ሞተር ቤንዚኑን የሚበልጠውስ በምን ነው?

ናፍጣ መኪና ነዳጅ የሚቆጥበው «ዑደቱ ስለሚሻል ነው» ሲባል እሰማለሁ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሁለቱ ሞተሮች እኩል ቢጨምቁ፣ በስሌቱ የሚያሸንፈው የቤንዚኑ ዑደት ነው።

ኮምፕሬሽን ሬሾ ተራ ማካፈል ነው። ፒስተኑ ታች ሲወርድ በላዩ ያለው ቦታ 500 ሲሲ፣ ጫፍ ሲደርስ የሚቀረው 50 ሲሲ ከሆነ ሬሾው 10 ነው። የሚቀረው 28 ሲሲ ቢሆን ደግሞ ወደ 18 ይጠጋል። ይህን ያህል የተጨመቀው ጋዝ ሲቃጠል ፒስተኑን እየገፋ መልሶ ይሰፋል። ብዙ በሰፋ ቁጥር ወደ ጉልበት የሚቀየረው ሙቀት ይጨምራል፤ በማርሚታ የሚባክነው ይቀንሳል።

ዑደቶቹ የሚለያዩት ነዳጁ በሚቃጠልበት ጊዜ ነው። ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ እ.ኤ.አ. በ1876 በሠራው ሞተር ስም የሚጠራው የቤንዚኑ ዑደት፣ ፒስተኑ ገና ጫፍ ላይ እያለ ድብልቁ በቅጽበት ተቃጥሎ ያልቃል ብሎ ያሰላል። በሩዶልፍ ዲዝል ዑደት ግን የሚጨመቀው አየር ብቻ ነው፤ በጋለው አየር ላይ ናፍጣው ሲረጭ ያለ ካንዴላ ይቀጣጠላል፤ ፒስተኑ መውረድ ከጀመረ በኋላም መቃጠሉ ይቀጥላል። ዘግይቶ የተቃጠለው ነዳጅ ፒስተኑን የሚገፋው በቀረው መንገድ ብቻ ስለሆነ ከፊሉ ሙቀት ሳይሠራበት ይወጣል።

በቁጥር እንየው። የኦቶ ብቃት፣ ማለትም ከሙቀቱ ወደ ጉልበት የሚቀየረው ድርሻ፣ በስሌት ይህ ነው፦

```
η = 1 − 1 / r^0.4
```

ሬሾው (r) 18 ሲሆን ውጤቱ 68 በመቶ ገደማ ይመጣል። ዲዝሉ በዚያው 18፣ ነዳጁ ተቃጥሎ እስኪያልቅ የጋዙ ቦታ እጥፍ ከሆነ፣ 63 በመቶ ያገኛል። ተሸነፈ ማለት ነው። ኦቶውን ወደ 10 ስናወርደው ግን 60 በመቶ ይሆናል። እውነተኛው ፉክክር በ10 እና በ18 መካከል ነው፤ ዲዝሉ የሚያሸንፈውም እዚህ ላይ ነው። (እውነተኛ ሞተር ከዚህ ሁሉ በብዙ ያንሳል። ስሌቱ በማቀዝቀዣው ውሃና በሰበቃ የሚባክነውን አይቆጥርም።)

ታዲያ ቤንዚኑን ለምን 18 አናደርገውም? 27 ዲግሪ የሆነ አየር 10 ጊዜ ሲጨመቅ 480፣ 18 ጊዜ ሲጨመቅ 680 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ቤንዚኑ ቀድሞ ከአየሩ ጋር ስለተደባለቀ፣ የካንዴላው እሳት ያልደረሰበት ጥግ በራሱ ይፈነዳል። ዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ ቤንዚን ሲረገጥ የሚሰማው ቀጭን የብረት ኳኳታ ይኼ ነው። ከቆየ ፒስተን ይበሳል። በዲዝሉ ውስጥ ግን ሲጨመቅ ያለጊዜው የሚቀጣጠል ነዳጅ የለም።

የናፍጣው ችግር ሙቀቱ ሲጠፋ ነው። የፒስተን ቀለበቶቹ ያለቁ ቤንዚን ሞተር ጉልበት ቢያንሰውም ይነሣል። ናፍጣው ግን አየሩ በጎን ሲያመልጥ በቂ አይግልም፤ በብርድ ጠዋት ነጭ ጭስ እየተፋ ሞተሪኖው ባትሪውን ይጨርሳል።